አርባ ገጽ የሥነ ድምፅ ምዕራፍ በአንድ ወረቀት ላይ፦ ከስድስት ኪሎ የመጣ የጉዳይ ጥናት

ስድስት ኪሎ ሥነ ልሳን የሚማሩ፣ አብረው የሚያጠኑ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ወደ አርባ ገጽ የሚጠጋ የፎነቲክስ ምዕራፍ ተሰጥቷቸዋል። ፈተናው ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው የአንድን ድምፅ አፈጣጠር አንብቦ ምልክቱን መጻፍ ነው። ሌላው ቃል ሲነገር ሰምቶ በዓለም አቀፉ የፎነቲክስ ፊደል መገልበጥ ነው። እነሱ የፈለጉት በፊትና በጀርባ የታተመ አንድ ኤ ፎር ወረቀት ነበር። ምልክቱ፣ የአፈጣጠሩ መግለጫና የመለማመጃ ቃሉ አንድ ላይ እንዲሆኑ።

ከመካከላቸው አንዷ የመጀመሪያውን ረቂቅ ሠርታ አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ አሳየችኝ። ሥራው ንጹህ ነው። የዓለም አቀፉን የፎነቲክስ ማኅበር ትልቁን ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጣ፣ በእያንዳንዱ ምልክት አጠገብ የምዕራፉን ትርጓሜ አሳጥራ አስቀምጣለች። [t] ሲሆን «ኢነዛሪ፣ ድዳዊ፣ እግድ» ይላል። ምሳሌዎቹ እንዳሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። «ጋሼ፣ ሁሉም አለ አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ ሁሉም አለ። ግን ወረቀቱን ይዤ [tʼ] ላይ ጣቴን አሳረፍኩና «ይሄን ስትዪ አፍሽ ውስጥ ምን ይሆናል?» አልኳት። «ጥ ነው» አለች። እሱን ማንም የአማርኛ ተናጋሪ ያውቀዋል። ፈተናው የሚጠይቀው ግን እንዴት እንደሚፈጠር ነው።

እዚህ ላይ ነው የመጨመቅ ሥራው የሚጀምረው። ምዕራፉ የተጻፈው እንግሊዝኛ ለሚናገር ተማሪ ነው። የጥርስና የምላስ ድምፆች፣ ማለትም [θ] እና [ð]፣ ገጾች ተሰጥቷቸዋል። በአማርኛ በየዐረፍተ ነገሩ የሚመጡት ጥ፣ ቅ፣ ጭ ግን በአንዲት አንቀጽ ታልፈዋል። ምዕራፉን በእኩል መጠን ብትቀንሰው ይኸው መዛባት ወደ ወረቀቱ ይገባል። ስለዚህ መጠኑን ገለበጥነው። እ.ኤ.አ. በ1886 ፓሪስ ላይ ማኅበሩ እንዴት እንደተመሠረተ የሚናገረው ክፍል ወጣ። የሳንባ ሥዕልና የድምፅ ሞገድ ምስሎችም ወጡ። በነሱ ቦታ እንደ ጥ፣ ቅና ጭ ያሉት ፈንጂ ድምፆች ሰፊ ስፍራ አገኙ።

የድምፆቹ አሰላለፍ ከከንፈር ወደ ጉሮሮ እንዲሆን ተስማማን። ከልጆቹ አንዱ በሀ ለ ሐ ይሁን ብሎ ነበር። ለማንበብ ይቀላል፤ ግን ትን፣ ድንና ጥን ይበታትናቸዋል። ሦስቱ ምላስ አንድ ቦታ የሚነካባቸው ወንድማማቾች ናቸው። ጎን ለጎን ሲቆሙ የሚለያቸው ነገር ወዲያው ይታያል። ደግሞ የፊደል ገበታችን 33 መነሻ ሆሄ አለው እንጂ 33 ተነባቢ ድምፅ የለውም። ሀ፣ ሐ እና ኀ በዛሬው አማርኛ አንድ [h] ናቸው። ሰና ሠ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። ወረቀቱ ላይ ድምፅ ስለሚቆጠር እነዚህ በአንድ ረድፍ ተጠቃለሉ።

ከዚያ ትልቁ ችግር ብቅ አለ። ተማሪዎቹ ምልክት የለቀሙት ከሁለት ቦታ ነው፤ ከምዕራፉና ስለ አማርኛ ሰዋስው ከተጻፉ የቆዩ ጽሑፎች። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ምልክት ለተለያየ ድምፅ ይጠቀማሉ። የኢትዮጵያን ቋንቋዎች የሚያጠኑ ብዙ ምሁራን ለሳድሱ አናባቢ ə ይጽፋሉ፤ ለግዕዙ ደግሞ ä። በዓለም አቀፉ ፊደል አማርኛ ሲጻፍ ግን ሳድሱ [ɨ]፣ ግዕዙ [ə] ይሆናል። ማኅበሩ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው መመሪያ ውስጥ አማርኛ በምሳሌነት ከቀረቡት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አጻጻፉም ይኼኛው ነው።

ይህ የምልክት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። bərr ብለህ ጻፍ። በቆየው አጻጻፍ ይህ ብር ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለው። በዓለም አቀፉ ፊደል ግን በር ነው፤ የቤቱ። በረቂቁ ላይ አንዱ ረድፍ በአንደኛው ልማድ፣ ቀጣዩ በሌላኛው ነበር የተጻፈው። አንባቢው ልክ ይሁን ስህተት የሚለይበት መንገድ የለውም።

ተመሳሳይ ወጥመዶች ሌሎችም አሉ። y በቆየው አጻጻፍ ይ ነው። በዓለም አቀፉ ፊደል ግን [y] አናባቢ ነው፤ ከንፈርን አሹለህ ኢ ስትል የሚወጣው፣ ፈረንሳይኛ ውስጥ የሚሰማው ዓይነት። ይ የሚጻፈው [j] ተብሎ ነው። ተማሪው ደግሞ እሱን ሲያይ ጅ ብሎ ያነበዋል። q ከቅ ጋር የተለመደ ነው፤ በዓለም አቀፉ ፊደል ግን [q] ከትናጋም ወደ ኋላ፣ እንጥል ላይ የሚዘጋ ሌላ ድምፅ ነው። የእኛ ቅ [kʼ] ነው። ስለዚህ በወረቀቱ አናት ላይ አንድ መስመር አሰፈርን፦ «እዚህ ያለው ሁሉ በዓለም አቀፉ ፊደል ነው፤ ግዕዝ [ə]፣ ሳድስ [ɨ]»። ከቆየው አጻጻፍ የመጣ ምልክት ሁሉ ተፈልጎ ተቀየረ። ይህን መስመር ሳይጽፉ ሠንጠረዥ መሥራት፣ እንደኔ እንደኔ፣ ባይሠሩት ይሻላል።

አሁን ወደ መግለጫው። «ኢነዛሪ፣ ድዳዊ፣ እግድ» ስም ነው። ለፈተና ያስፈልጋል፤ አልጣልነውም። ነገር ግን ከስሙ ቀጥሎ አፍ የሚሠራውን የሚናገርና አንባቢው ራሱ ላይ የሚፈትሸው አንድ ነገር የሚሰጥ ዐረፍተ ነገር መኖር አለበት። ለነዛሪና ለኢነዛሪ ይህ ቀላል ነው። እጅህን ማንቁርትህ ላይ አድርገህ ስስስስ፣ ከዚያ ዝዝዝዝ በል። በዝ ላይ ይርገበገባል፤ በስ ላይ ዝም ይላል። ይህን በት እና በድ ለመሞከር የሚነሳ አለ። አይሆንም አይባልም፤ ግን የእግድ ድምፅ ቶሎ ስለሚያልቅ እጅ ልዩነቱን በደንብ አይይዘውም። ስለዚህ ፍተሻው እንደ ስና ዝ ካሉት ሹልክልክ ድምፆች ጋር ተቀመጠ፤ እግዶቹ ወደዚያ ይመራሉ።

ፈንጂዎቹ ሌላ ታሪክ ናቸው። ምዕራፉ «ከሳንባ ውጪ በሆነ አየር የሚፈጠር» ብሎ ያልፋቸዋል። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ግን ምንም አይነግርም። ጥ ሲባል የሚሆነው ይኸ ነው። ምላስ ከላይኛው ጥርስ ሥር ይዘጋል። በዚያው ቅጽበት የድምፅ አውታሮቹም ገጥመው ይዘጋሉ። አሁን በሁለቱ መዝጊያዎች መካከል ትንሽ አየር ታስሯል። ማንቁርት ወደ ላይ ከፍ ሲል ያንን አየር እንደ ብስክሌት መንፊያ ይጨምቀዋል። ከዚያ መጀመሪያ ምላስ ይለቃል፤ አየሩ ጧ ብሎ ይወጣል። አውታሮቹ የሚከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ፍተሻው ደስ የሚል ነው። አየር ሳብና ጉሮሮህን ዘግተህ ያዝ፤ ከባድ ዕቃ ልታነሳ ስትል እንደምታደርገው። ትንፋሽህን ሳትለቅ ጥ፣ ጥ፣ ጥ በል። ይወጣል። ቅ፣ ቅ፣ ቅ በል። እሱም ይወጣል። አሁን ስ በል። ጸጥታ ነው። ት ልበል ብትል ደግሞ ጥ ሆኖ ይወጣብሃል። አየሩ ከሳንባ አለመምጣቱን ማንም ሳይነግርህ ራስህ አወቅከው ማለት ነው። ጣትህን ማንቁርትህ ላይ ብታሳርፍ ሽቅብ ሲል ይሰማሃል። ካፌ ውስጥ ይህን ስንሞክር የጎን ጠረጴዛ ሰዎች ዞር ብለው አይተውናል፤ ምን ይደረግ።

ከዚህ በኋላ የሠንጠረዡ አንድ ክፍል ይህን መሰለ፦

| ምልክት | ፊደል | አፍ ምን ይሠራል | ቃል |
|---|---|---|---|
| [t] | ት | ምላስ ከላይኛው ጥርስ ሥር ይዘጋል፤ አየር ከሳንባ፤ አውታር አይርገበገብም | ትል |
| [d] | ድ | እንደ ት፤ አውታር ይርገበገባል | ድል |
| [tʼ] | ጥ | እንደ ት፤ አውታር ተዘግቶ ማንቁርት ሽቅብ ይላል (ትንፋሽ ይዘህ ሞክር) | ጥል |
| [k] | ክ | የምላስ ጀርባ ትናጋ ላይ ይዘጋል፤ አየር ከሳንባ | ከዳ |
| [kʼ] | ቅ | እንደ ክ፤ አውታር ተዘግቶ ማንቁርት ሽቅብ ይላል | ቀዳ |
| [s] | ስ | ምላስ ይጠጋል እንጂ አይዘጋም፤ አየር እየተሹለከለከ ይወጣል | ሳር |
| [z] | ዝ | እንደ ስ፤ አውታር ይርገበገባል (እጅ ማንቁርት ላይ) | ዛር |

«እንደ ት» የሚለው አጻጻፍ ቦታ ይቆጥባል። ከሁሉ በላይ ግን አንባቢው የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ያያል።

የመለማመጃ ቃላት መረጣ ቀላል ይመስላል። አይደለም። ተማሪዋ ለት እና ለጥ የመረጠችው ጥንድ ተራና ጠራ ነበር። በፊደል ሲታዩ የሚለያዩት በአንድ ሆሄ ነው። አፍ ላይ ግን ሌላ ልዩነትም አለ። ወረፋ የሚለው ተራ ላልቶ ይነገራል፤ ሰውን ጠራ ሲባል ግን ር ይጠብቃል። [təra] እና [tʼərra] ናቸው። ከዚያም አልፎ ላልቶ የሚነገረው ር ምላስ አንዴ ነካ አድርጎ የሚያልፈው ነው፤ ሲጠብቅ ግን ምላስ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ ሰሚው ሁለቱን የለየው በጥ ይሁን በጠበቀው ር ማን ያውቃል? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ እንዲህ ያለው ጥንድ በዓይን አይያዝም። ጮክ ብሎ ማንበብ ግድ ነው።

በሳድስ የሚያልቁ ቃላት ላይ ደግሞ የመጨረሻው ድምፅ መጥበቁን ጆሮ ይጠራጠራል። እዚያ ላይ ኡ መጨመር ይረዳል። ብር ሲሆን ብሩ፤ ር ጠብቋል። ትል ሲሆን ትሉ፤ ል ላልቷል። ድልና ጥልም ድሉና ጥሉ ሲባሉ ይላላሉ። ስለዚህ ሦስቱ ንጹህ ቤተሰብ ናቸው። ከዳና ቀዳም ሁለቱም ድ ላይ ይጠብቃሉ፤ የሚለያቸው ክ እና ቅ ብቻ ነው። ተራና ጠራ ከወረቀቱ ወጡ። ለመጥበቅ ራሱ የተመደበው ቦታ ላይ ግን ዋና ገባ። ጠብቆ አለቃ ወይም ቁንጮ፣ ላልቶ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት።

ሌላው የምርጫ ወጥመድ ጎረቤት ድምፅ ነው። ለ[b] ምዕራፉ ከንፈር ይገጥማል ይላል። ተማሪዎቹ አበባን መረጡ፤ ሁለት ጊዜ በ ስላለበት። ግን በአናባቢዎች መካከል ላልቶ የሚነገረው ብ ብዙ ጊዜ ከንፈርን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ አየር በመካከሉ ያልፋል። በመስታወት ፊት ቀስ ብለህ ሳይሆን እንደ ወትሮህ አበባ ብትል ይታይሃል። መግለጫው «ይዘጋል» እያለ ቃሉ የማይዘጋ ከሆነ ተማሪው መግለጫውን መጠራጠር ይጀምራል። በሬ ተተካ።

የግዕዙ አናባቢ [ə] ላይም እንዲሁ ነው። የ እና ወ መጥፎ ምሳሌ ናቸው። ከይ በኋላ አናባቢው ወደ ኤ ይሳባል፤ ከው በኋላ ወደ ኦ። ሀ እና አ ደግሞ ስማቸው ግዕዝ ይሁን እንጂ የሚነበቡት እንደ ራብዕ ነው። ነገ የሚለው ቃል ግን ሁለቱም ክፍለ ቃላቱ ላይ ጥርት ያለ [ə] አለው። እሱ ገባ።

አማርኛ ውስጥ የሌሉት ድምፆች በጀርባው ገጽ በአጭሩ ተቀመጡ። [θ] እና [ð]፦ የምላስ ጫፍ በጥርሶች መካከል ብቅ ይላል፤ አየር ይሹለከለካል። ፍተሻው መስታወት ነው፤ ምላስ ካልታየ ስ ወይም ዝ ነው የወጣው። [ŋ] ግን የለም ማለት አይቻልም። አንገት ስትል ን ሲባል የምላስ ጫፍ ጥርስ ሥር አይደርስም፤ ጀርባው ትናጋ ላይ ነው የሚያርፈው። ያ [ŋ] ነው። ልጆቹ ይህን ሲያውቁ ነው ምልክቱ የቀለላቸው።

ቀጥሎ ያለው የኮፒ ቤት ጉዳይ ነው። ፋይሉን በፍላሽ ይዘው ከዩኒቨርሲቲው በር አካባቢ ወዳለ አንድ ኮፒ ቤት ሄዱ። ወረቀቱ ሲወጣ ግማሹ ምልክት ባዶ ሳጥን ሆኗል። ያ ኮምፒውተር ላይ እነዚህን ምልክቶች የያዘ ፎንት የለም። Charis SIL ወይም Doulos SIL የሚባሉት ፎንቶች በነጻ ይገኛሉ፤ ግን የሰው ኮምፒውተር ላይ እንጫን ከማለት ፋይሉን ቤት ውስጥ ፒዲኤፍ አድርጎ መሄድ ይሻላል። ሁለተኛው ጣጣ የፈንጂ ምልክቷ ናት። ትክክለኛዋ U+02BC ናት። ከኪቦርድ ተራ ጭረት ሲጻፍ ግን ዎርድ አንዳንዴ ወደ ግራ ያጎብጠዋል፣ አንዳንዴ ወደ ቀኝ። ዓይን ላይ ጎልቶ አይታይም፤ ፋይሉ ውስጥ [tʼ] ብለህ ስትፈልግ ግን ግማሹን አያገኝልህም።

ሦስተኛው ከፎንት ጋር አይገናኝም። የኮፒ ኮፒ ሲሆን በትንሽ መጠን የተጻፈው [ɨ] መሐል ላይ ያለው ጭረት ይጠፋና [i] ይመስላል። ያኔ ሳድሱ ሣልስ ሆነ ማለት ነው። [ɲ] እና [ŋ]ም ይምታታሉ፤ የመጀመሪያው መንጠቆ በግራ እግሩ፣ የሁለተኛው በቀኝ እግሩ ላይ ነው። ምልክቶቹን ከመግለጫው ከፍ አድርገን በ14 ነጥብ አስቀመጥናቸው። መግለጫው ደብዝዞ ቢወጣ አንባቢው ይገምተዋል፤ ምልክት ግን አይገመትም።

ወረቀቱ የተሞከረው ምዕራፉን ባላነበበ ጓደኛቸው ላይ ነው። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው። ፈንጂዎቹ ላይ ምንም አልተቸገረም፤ ቋንቋው አለውና። [kʼ] ላይ ግን ቆመ። «እኛ ጋ ቅ የሚጻፈው በ q ነው» አለ። እውነቱን ነው፤ በቁቤ q ቅ ነው፣ x ጥ፣ c ደግሞ ጭ። አናት ላይ ያለችው መስመር ቀድማ ባትነግረው ኖሮ ሦስቱንም በቁቤ ያነባቸው ነበር። ቀጥሎ «የኛ ዽ የት አለ?» ሲል ጠየቀ። አልነበረም። ምዕራፉ ውስጥ ግን [ɗ] አለ፤ የፈንጂ ተቃራኒ ነው። አፍ ተዘግቶ ሳለ ማንቁርት ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲለቅ አየር ትንሽ ወደ ውስጥ ይሳባል። ጣቱን ማንቁርቱ ላይ አድርጎ ዹጋ፣ ማለትም እውነት፣ ሲል ቁልቁል መሄዱን ራሱ አረጋገጠልን። ከ[tʼ] ሥር አንድ ረድፍ ተጨመረ፤ ሽቅብና ቁልቁል አጠገብ ላጠገብ።

ከዚያ ዲክቴሽን ሆነ። አንዱ ያነባል፣ ሌሎቹ ይጽፋሉ። ከዳና ቀዳ፣ ሳርና ዛር ያለ ችግር አለፉ። ብርና በርንም ማንም አላደባለቀም። ትምህርት ላይ ግን ተለያዩ። አንዷ [tɨmhɨrt] ጻፈች፣ ሌላው ከ[h] በኋላ ያለችውን [ɨ] ዘለላት። ፊደሉ አይረዳም፤ ሳድስ አናባቢ ያለውም የሌለውም አንድ ዓይነት ነው የሚጻፈው። ቀስ ብሎ ሲነገር አናባቢዋ ትሰማለች። በፍጥነት ሲነገር ግን ብትኖርም በጣም አጭር ናት፤ ጆሮ ይከራከርባታል። እነሱም ተከራከሩ፣ አልተስማሙም። ለሳድሱ መለማመጃ ድምፁ በግልጽ የሚሰማበትን ልብስ አስገቡና [lɨbs] ብለው ጻፉ፤ ትምህርትን ለመምህሩ ጥያቄ አድርገው ያዙት።